ገንዘቡ በማን ኪስ ነው? ሰብስክሪፕሽን ማቆየት ወይስ ማቋረጥ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ብቅ አለች። ሰኞ፣ ሐምሌ 20፣ ወደ ሀዋሳ ትሄዳለች። መሥሪያ ቤቷ እስከ ጥቅምት 20 እዚያ መድቧታል። አዳማ በዚያን ቀን ዝናብ ገብቶባት ነበር፤ የቤታችን ቆርቆሮ እየጮኸ ሰው መስማት አልቻልንም። ቡናው እስኪፈላ እሷ ስልኳን ትነካካለች።

"እኔ በሌለሁበት ብር የሚበላብኝን ሁሉ ዛሬ ካንስል አድርጌ ነው የምሄደው" አለች።

"ምን ምን አለሽ?"

ቆጠረችልኝ። የስድስት ወር ቅድሚያ የከፈለችበት ጂም አለ። የሰርግ ጥሪ ካርድ የምትሠራበት የዲዛይን አፕ አለ፤ እሱ በየወሩ 5 ዶላር ይቆርጣል። የፎቶና የኢሜይል ማስቀመጫ ቦታም ገዝታለች። ሦስት ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ቁጣ ልትዘጋቸው ነው።

ብትዘጋ ኖሮ በአንዱ 6,000 ብር ታጣ ነበር። በአንዱ ትክክል ትሠራ ነበር። በሦስተኛው ደግሞ ገንዘብ አትርፋ ሌላ ጣጣ ታመጣ ነበር። አንድ ላይ ቁጭ ብለን ያሰላነውን እዚህ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት እንለያቸው። ማቆየት፣ ጂሞች "ፍሪዝ" የሚሉት፣ አፖች ደግሞ "ፖዝ" የሚሉት፣ ውሉ ሳይፈርስ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ቆይታው ሲያልቅ ውሉ ራሱ ይነሳል፤ የሚቀሰቅሰው ሰው አይፈልግም። ማቋረጥ ግን ውሉን ማፍረስ ነው። መመለስ ከፈለጋችሁ እንደ አዲስ ደንበኛ በር ታንኳኳላችሁ፣ የዚያን ቀን ዋጋ ትከፍላላችሁ።

ሰው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን "ልመለስ ነው ወይስ አልመለስም?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል ባይ ነኝ። ገንዘቡ አሁን በማን ኪስ ነው? ቀድማችሁ ከፍላችሁ ገንዘቡ እነሱ ጋ ከገባ፣ ማቋረጥ የሚያድነው ነገር የለም፤ የተከፈለው ተከፍሏል። ያኔ የሚያዋጣው ማቆየት ነው፤ ምክንያቱም የምታድኑት ብር ሳይሆን ቀን ነው። ገንዘቡ ገና እናንተ ኪስ ካለና በየወሩ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ማቋረጥ ይቀድማል። ማቆየት የሚያሸንፈው፣ የመመለሻው ዋጋ ከመቆያው ዋጋ ሲበልጥ ብቻ ነው።

ከጂሙ እንጀምር፤ ትልቁ ብር ያለው እዚያ ነው።

ልጅቷ ለስድስት ወር 9,000 ብር ከፍላለች። ጂሙ ስድስት ወሩን 180 ቀን ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ አንዱ ቀን 50 ብር ይሆናል። እስከምትሄድበት ቀን 60 ቀን ተጠቅማለች። የቀራት 120 ቀን ነው፤ በብር ሲመታ 6,000።

ደረሰኙ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ሦስት መስመር ተጽፏል። የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ፍሪዝ በአንድ ውል አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ 60 ቀን ይፈቀዳል። የፍሪዝ አገልግሎት ክፍያ 300 ብር ነው። እሷ ይህን ደረሰኝ ለሁለት ወር ስትይዘው ገልብጣው አታውቅም። እኔም ብሆን አልገለብጠውም ነበር።

እንግዲህ መንገዶቿ ሦስት ናቸው። አንደኛው ማቋረጥ ነው። ገንዘብ ስለማይመለስ "ካንስል አድርጉልኝ" ማለት ለጂሙ 6,000 ብር መመረቅ ነው። ሁለተኛው ዝም ብሎ መሄድ ነው። ከሐምሌ 20 እስከ ጥቅምት 20 ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን ነው። እነዚህ ቀኖች ሀዋሳ እያለች ይቃጠላሉ፤ ስትመለስ የምታገኘው 25 ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛው ፍሪዝ ማስደረግ ነው። 60ው ቀን ይተኛል፣ ቀሪው 35 ቀን ይቃጠላል። ስትመለስ 85 ቀን ይጠብቃታል።

ስለዚህ በ300 ብር 60 ቀን ገዛች ማለት ነው። 60ው ቀን በእሷ ዋጋ 3,000 ብር ነው፤ የፍሪዙ ሲቀነስ 2,700 ብር ተረፋት። የሚቃጠለው 35 ቀን ያንገበግባል፤ 1,750 ብር ነው። ግን እሱን ማዳኛ መንገድ የለም። ደንቡ ከ60 ቀን አያልፍም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ፍሪዝ የሚቆጠረው ከሄዳችሁበት ቀን ሳይሆን ከፈረማችሁበት ቀን መሆኑ ነው። "እኮ ከሐምሌ ጀምሮ አልነበርኩም" ብሎ በመስከረም መከራከር ዋጋ የለውም። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ብታዝንላችሁም እንኳ ሲስተሙ ወደ ኋላ አይመልስላትም። የመንገዱ ዕቃ ሳይታሰር ወረቀቱ ይፈረም።

ሁለተኛው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ያመጣው ነው። "ሁለት ወር" እና "60 ቀን" ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከሐምሌ 20 ጀምራችሁ 60 ቀን ብትቆጥሩ፣ የመጨረሻው ቀን መስከረም 14 ነው። ጳጉሜ መሃል ላይ ገብታ አምስት ቀን ስለምትወስድ ነው። እሷ ግን "ሁለት ወር" ሲሏት በሐሳቧ መስከረም 20 ብላ ይዛለች። ለእሷ ለውጥ አያመጣም፤ ያኔም ሀዋሳ ናት። መስከረም 18 የሚመለስ ሰው ግን "ፍሪዝ ላይ ነኝ" ብሎ ሲዝናና ሦስት አራት ቀን ያልፈዋል። ስለዚህ ቅጹ ላይ "ሁለት ወር" ሳይሆን የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ማህተም ይረፍበት። ፎቶ ይነሳ።

እስካሁን ያልነው ቀድሞ ለተከፈለ ነው። በየወሩ ለሚከፈል ጂም ሒሳቡ ይገለበጣል። ይህን የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው።

አምና እኔ ወር በወር 1,500 ብር የምከፍልበት ጂም ነበረኝ። ለሦስት ወር የማልችልበት ሁኔታ ገጠመኝ። ፍሪዝ በወር 200 ብር አሉኝ። ካቋረጥኩ ደግሞ ስመለስ 1,000 ብር የመመዝገቢያ እከፍላለሁ። ሦስት ወር ሲባዛ በ200፣ 600 ብር። ከ1,000 ያንሳል። ቀላል ነው ብዬ ፍሪዝ አስደረግሁ።

ሒሳቡ እውነት ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አምስት ወር ላይ ነው፤ 1,000ን ለ200 ስታካፍሉት። ከአምስት ወር በታች ለሚቀር ሰው ፍሪዝ ይረክሳል፣ ከዚያ በላይ ለሚቀር ማቋረጥ። ዋጋ ጨምረው ለነባር ደንበኛ በድሮው የሚያስቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ፍሪዝ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። ወሩ 1,800 ቢገባ እኔ በ1,500 ስለምቀጥል፣ ከተመለስኩ በኋላ በየወሩ 300 ብር አተርፋለሁ።

ግን አንድ ነገር ዘለልኩ። አልተመለስኩም።

600 ብሩ በእርግጠኝነት ወጣ። 1,000 ብሩ ግን የሚወጣው ብመለስ ብቻ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ነው። ፍሪዝ ዛሬ የሚከፈል ነው፤ መመዝገቢያ ምናልባት የሚከፈል ነው። ስለዚህ 600 እና 1,000ን እንዲሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይበቃም። ከአሥር ጊዜ ስንት ጊዜ እመለሳለሁ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ለራስ አለመዋሸት እንጂ ሌላ ዕውቀት አይፈልግም። በእኔ ቁጥሮች መቁረጫው ስድስት ነው። ከአሥሩ ከስድስት በላይ የምመለስ ሰው ከሆንኩ ፍሪዝ፣ ስድስትም የማልሞላ ከሆንኩ ማቋረጥ። 600ን ለ1,000 ማካፈል ነው ያለቀው። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጂም ጀምሬ ሁለቱንም ትቼ ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ነው አሥር ከአሥር ብዬ ያሰብኩት?

የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "አንተ እኮ ፍሪዝ ያስደረግከው ጂሙን ሳይሆን ተስፋህን ነው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ስልኳ እንግባ። የዲዛይን አፑ 5 ዶላር በየወሩ ይቆርጣል። ክፍያው የሚወጣው ውጭ ባለ ወንድሟ ካርድ ነው፤ እሷ በብር ትመልስለታለች። ቀጣዩ የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ነሐሴ 9፣ በእኛ ነሐሴ 3 ነው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ከፕሌይ ስቶር የተገዛ ከሆነ መንገዱ ይሄ ነው። ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ከላይ ያለውን የፕሮፋይል ምስል ትነካላችሁ። ከዚያ Payments & subscriptions፣ ቀጥሎ Subscriptions። አፑን መርጣችሁ Manage ውስጥ ስትገቡ፣ አፑ የሚፈቅድ ከሆነ Pause payments የሚል ታገኛላችሁ። የሚቆይበትን ጊዜ መርጣችሁ Confirm ትላላችሁ። Cancel subscription የሚለውም እዚያው አካባቢ ነው። ፖዙ የሌላቸው አፖች ብዙ ናቸው፤ አፑን የሠራው ሰው ካልፈቀደ አይታይም። ለወርሃዊ ክፍያ የሚፈቀደው ረጅሙ ፖዝ ሦስት ወር ነው።

ጂም ላይ ፍሪዝ ገንዘብ ያስከፍላል። እዚህ ፖዝ በነጻ ነው። ማቋረጥም በነጻ ነው። እና ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የሚነሳበት ቀን ላይ ነው።

ልጅቷ ዛሬ ፖዝ ብታደርገው ወዲያው አይቆምም። የከፈለችበት ወር እስኪያልቅ፣ እስከ ነሐሴ 3፣ ይሠራል። ማቋረጥም እንደዚሁ ነው፤ የተከፈለበትን ቀን አይነጥቃትም። ስለዚህ "ቀኑ ሊደርስ ሲል አደርገዋለሁ" ብሎ መጠበቅ ጥቅም የለውም። የሚጠብቅ ሰው ይረሳል፣ ከረሳ ደግሞ አንድ ወር ይከፍላል። ዛሬውኑ ነክቶ መገላገል ነው።

የሦስት ወር ፖዙ የሚያልቀው በፈረንጆቹ ኅዳር 9፣ በእኛ ጥቅምት 30 ነው። በዚያ ቀን 5 ዶላር ራሱ ይቆረጣል። እሷ ጥቅምት 20 ተመልሳለች፤ ጥሩ ይመስላል። ግን "ካርድ የሚያሠሩሽ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?" ስላት "ከታኅሣሥ ጀምሮ ነዋ፣ ሰርጉ ጥር ነው" አለች። ስለዚህ ጥቅምት 30 የሚቆረጠው 5 ዶላር እስከ ኅዳር 30 ድረስ ያለ ሥራ የሚቀመጥ ነው። ፖዝ ለእሷ 5 ዶላር ያስወጣታል ማለት ነው፤ የተደበቀ ስለሆነ ነጻ መሰለ እንጂ።

ማቋረጥስ? ስትመለስ ዋጋው ጨምሮ ሊጠብቃት ይችላል። እሷ ያለችው በድሮ ዋጋ ነው፤ ነባር ደንበኛን በድሮ ዋጋ ማስቀጠል ብዙ አፖች የሚያደርጉት ነገር ነው። አዲሱ ዋጋ 6 ዶላር ቢሆን፣ ታኅሣሥንና ጥርን ስትሠራ በጠቅላላው 2 ዶላር ትጨምራለች። ከ5 ያንሳል፤ ማቋረጥ አሸነፈ። አዲሱ ዋጋ 8 ዶላር ቢሆንስ? ሁለት ወር ላይ 6 ዶላር ትጨምራለች። አሁን ፖዝ በአንድ ዶላር አሸነፈ። እንዲህ ጠባብ ከሆነ እኔ ማቋረጥን እመርጣለሁ። የተቋረጠ ነገር ስትተኙ አይቆርጥባችሁም። አፑ ላይ የዛሬው አዲስ ደንበኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ አየን፤ 6 ነበር። Cancel ነካች።

"የድሮ ዋጋ" ሲባል አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጠበቅላችሁ ዶላሩ ነው፣ ብሩ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ የ10 ዶላር ሰብስክሪፕሽን የነበረው ሰው አፑ አንድ ሳንቲም አልጨመረበትም። ከ570 ብር ወደ ከ1,000 በላይ የወሰደው ምንዛሪው ነው። በፖዝ ላይ ያለ ውል ሲነሳ የሚመታው በዚያ ቀን ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ፖዝ ያደረጋችሁትን ስታሰሉ የድሮውን ብር ሳይሆን የሚነሳበትን ቀን ብር አስቡ።

ሌላው ወጥመድ ካርዱ የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ፖዙ ሊያልቅ ሲል ማሳሰቢያ ቢመጣም የሚሄደው አካውንቱ ወዳለበት ኢሜይል ነው፤ የባንኩ መልእክት ደግሞ ወደ ካርዱ ባለቤት። ወንድም እዚያ ሆኖ "እህቴ እየተጠቀመችበት ነው" ይላል፣ እህት እዚህ ሆና "አጥፍቼዋለሁ" ትላለች። በመሃል ብሩ ይሄዳል።

"አጥፍቼዋለሁ" ስል ደግሞ እኔም ተመትቻለሁ። አንድ የቋንቋ መማሪያ አፕ ሰልችቶኝ ከስልኬ አጠፋሁት። አፑን ማጥፋት ክፍያውን የሚያጠፋ መስሎኝ። ሰብስክሪፕሽኑ ያለው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን አካውንቱ ውስጥ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በየወሩ 4 ዶላር ሄደ። 28 ዶላር፤ ዶላሩን 150 ብር ብናደርገው 4,200 ብር። ያወቅሁትም የአጎቴ ልጅ "ይሄን ቋንቋ ገና አልጨረስክም እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። ካርዱ የእሱ ነበር። ማቋረጣችሁን የምታረጋግጡት አፑ ከስልካችሁ በመጥፋቱ ሳይሆን፣ Subscriptions የሚለው ገጽ ላይ እስከዚህ ቀን ይሠራል ከዚያ ያልቃል የሚል ቀን ስታዩ ነው። ይታደሳል የሚል ቀን ካያችሁ ገና አልተቋረጠም።

አንዳንዱ አገልግሎት ላይ ማቋረጥ ራሱ ፖዝ ነው። ኔትፍሊክስን ብታቋርጡ የአካውንታችሁን መረጃ ለ10 ወር ያስቀምጥላችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተመለሳችሁ ያያችሁትና ያቆማችሁበት ሁሉ ይጠብቃችኋል። መመዝገቢያ የለም፣ ራሱ የሚነሳበት ቀን የለም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፖዝ የሚባለውን መፈለግ ድካም ነው።

በእጅ የምትከፍሉት፣ ማለትም በቴሌብር ወይም በባንክ ካልላካችሁ በስተቀር ማንም የማይነካባችሁ ነገር፣ ጥያቄው ውስጥ አይገባም። ያለመክፈል ራሱ ማቋረጥ ነው። የቤት ኢንተርኔት ላይ ብቻ፣ ሳይከፈልበት ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ መስመሩ ምን እንደሚሆን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ሦስተኛው የልጅቷ ነገር የፎቶ ማስቀመጫው ነው። ጉግል ለማንም 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል። እሷ ከዚያ አልፋ በወር 2 ዶላር ገደማ ትከፍላለች። "ሀዋሳ ፎቶ አላነሳም፣ ይህንንም ልዝጋው" አለች። የሀዋሳን ሐይቅ አይታ ፎቶ የማታነሳ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ነገሩ እሱ አይደለም። ጂምና ዲዛይን አፕ እናንተ ከሌላችሁ ሥራ የላቸውም። ማስቀመጫ ግን እናንተ ባትነኩትም ይሠራል። የተጫነውን ይዞ መቆም ነው ሥራው።

ብትዘጋው ፎቶዎቿ በማግስቱ አይጠፉም። ከገደብ በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ከቆየ ነው ሊሰረዝ የሚችለው። የሚቀድመው ጣጣ ሌላ ነው። ከ15 ጊጋባይት በላይ ይዛ ክፍያው ሲቆም፣ ጂሜይሏ አዲስ ኢሜይል መቀበል ያቆማል። የላከው ሰው ይመለስበታል፣ እሷ ምንም አታይም። ለሦስት ወር 6 ዶላር ለማዳን ብላ፣ መሥሪያ ቤቷ ሀዋሳ ድረስ የሚልክላት ኢሜይል ሁሉ በር ላይ ሊቀር ነው። ይህን ስነግራት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

መዝጋት የሚቻለው መጀመሪያ ከ15 በታች ስትወርድ ነው። ትልልቅ ቪዲዮዎቿን ወደ ኮምፒውተሯ ብትገለብጥና ከዚያ ብታጠፋ ይሆናል። ግን ሰኞ የሚሄድ ሰው ቅዳሜ ማታ የሠርግ ቪዲዮ ሲያራግፍ ማደር የለበትም። ባለበት ይቀጥል አልን።

አንድ ሌላ ዓይነት ውል አለ፤ እሷ የላትም፣ የፎቶ ስቱዲዮ ያላችሁ ግን ልትገቡበት ትችላላችሁ። ወር በወር የሚከፈል ዓመታዊ ውል ይሉታል። ከላይ ሲያዩት ወርሃዊ ይመስላል። ውስጡ ግን 12 ወር ለመክፈል ቃል ገብታችኋል፤ ወርሃዊው ክፍያ የዚያ ዕዳ ቁራጭ ነው። የአዶቢ እንዲህ ያለው ውል ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ሲቋረጥ፣ ከቀሪው ክፍያ ግማሹን ያስከፍላል። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ክፍያ ለደንበኛ በግልጽ አላሳየም ብሎ በ2024 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ከስሷል።

በወር 20 ዶላር ነው እንበል። አራት ወር ከፍላችሁ ለሦስት ወር ሥራ ልታቆሙ ነው። የቀራችሁ ስምንት ወር 160 ዶላር ነው፤ ብታቋርጡ ግማሹን፣ 80 ዶላር ትቀጣላችሁ። ሳትጠቀሙበት ሦስቱን ወር ብትከፍሉ 60 ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ የምትሠሩበት ከሆነ፣ የሚያቃጥል ቢሆንም 60ውን መክፈል ይሻላል። ጨርሶ የማትመለሱ ከሆነ ግን 160 ከመክፈል 80 ተቀጥቶ መገላገል ነው። "ገንዘቡ በማን ኪስ ነው" የሚለው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል። ብሩ እናንተ ኪስ ነው፤ ግን ግማሹ የእናንተ አይደለም።

ዝናቡ ሲያባራ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ነበር። ደረሰኙን በላስቲክ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ከመናኸሪያ በፊት ባጃጇን ጂሙ በር ላይ አቆመቻት። ሁለት ሰዓት ላይ የቅጹ ፎቶ ደረሰኝ። "ፍሪዝ ከሐምሌ 20 እስከ መስከረም 14" ይላል፤ ማህተሙ ትንሽ ተንሻፏል፣ ግን ይነበባል። በፊት "ሁለት ወር" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ናት ያሰረዘችው።

ረቡዕ ማታ ከሀዋሳ ደወለች። ሆቴሏ አጠገብ ጂም አግኝታለች። ንጹሕ ነው፣ ሰው አይበዛበትም፣ የሦስት ወር አንድ ላይ ከከፈለች ቅናሽ አለው ብለዋታል።

"ምን ልበላቸው?" አለች።

"ሥራው ቀድሞ ካለቀና ከጠሩሽ ብሩን ይመልሳሉ?"

"አይመልሱም።"

"እንግዲያው በወር ክፈይ" አልኳት።